ሳቁ ከአያቴ እንዳይቀድም፦ በሁለት ቋንቋ ሰብታይትል መሥራት

ጅማ ቤታችን የሚቀረጹትን ቪዲዮዎች ውጭ ተወልደው ላደጉ የአክስትና የአጎት ልጆች ሰብታይትል እየሠራሁላቸው ነው። ከላይ አማርኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ። በጆሯቸው ጥቂት ይይዛሉ፣ ቀሪውን በዓይናቸው ይሞላሉ። ፊደል የማያነቡ ስላሉ ላይኛውን መስመር በላቲን ጻፈው ያለኝ ነበር። አልተቀበልኩም። ለላቲኑ የተስማማንበት አጻጻፍ የለም። በዚያ ላይ «ተ» እና «ጠ» ብዙ ጊዜ በአንድ ሆሄ ይጻፋሉ።

መተርጎሙ ያን ያህል አላስቸገረኝም። ቁም ነገሩ ዓረፍተ ነገሩን የት ላይ መቁረጥ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፣ እንግሊዝኛ ቶሎ ያወጣዋል። አያቴ ደግሞ ወሬ ስታወራ ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻ ትደብቃለች። ሙሉውን ንግግር በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ብደፋው፣ አንባቢው እሷ ሳትጨርስ ይስቃል።

ቡና እያፈላች ያለችውን እንይ። ንግግሩ ስድስት ሰከንድ ተኩል ገደማ ነው። ለሦስት ከፈልኩት፦

```
14
00:01:12,400 --> 00:01:15,000
አባትህ ቡና ሲፈላ ከሁሉም ቀድሞ ከች የሚለው፣
Your dad was always first for coffee,

15
00:01:15,100 --> 00:01:16,600
ሲኒ ሊያጥብልኝ ሳይሆን፣
not to wash my cups,

16
00:01:16,900 --> 00:01:18,900
ቆሎውን ሊጨርስ ነበር።
but to eat up all the kolo.
```

ከ15 በኋላ ያለችውን ክፍተት ልብ በሉ። አያቴ እዚያ ላይ ትንፋሽ ትወስዳለች። ቆሎው የሚመጣው እሷ ስትናገረው ብቻ ነው።

የንባብ ፍጥነቱንም እዚሁ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው እንግሊዝኛ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 37 ሆሄ ነው፣ የሚቆየው 2.6 ሰከንድ፤ በሰከንድ 14 ገደማ ማለት ነው። ኔትፍሊክስ ለእንግሊዝኛ የልጆች ፕሮግራም በሰከንድ እስከ 17፣ በአንድ መስመር እስከ 42 ሆሄ ይፈቅዳል። እኔም ከዚያ አላልፍም። አማርኛው 29 ብቻ ነው፤ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ያጥራል። ስለዚህ ጊዜ የሚያጥረው ሁሌም ለታችኛው መስመር ነው።

እንግሊዝኛው በተፈጥሮው የሚገለበጥበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ ቁርጥራጭ ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። «ስልክ ስላልነበረን፣ ደብዳቤ እስኪደርስ፣ ሦስት ወር እንጠብቅ ነበር» ብትል፣ ያማረው እንግሊዝኛ ከጥበቃው ይጀምራል። እኔ ግን እንዲህ እሄዳለሁ፦

```
We had no phone.
Until a letter came,
we'd wait three months.
```

እንግሊዝኛ መምህር ቢያየው ፊቱን ያጨማድድ ይሆናል። ግን «ደብዳቤ» የሚለው ድምፅ ጆሮ ሲገባ ትርጉሙም ከሥሩ አለ። አማርኛ ትንሽ ለሚሰማ ልጅ ይሄ ይበልጥበታል። ማጣሪያዬ ቀላል ነው፦ ቪዲዮውን የትም ላይ አቆምና ስክሪኑ ላይ ያለው ተነግሯል ወይስ ገና ነው ብዬ አያለሁ። ገና ከሆነ እንደገና እቆርጣለሁ። አጭር ንግግር፣ ለምሳሌ «እኔ እሱን አልወደውም»፣ አይቆረጥም፤ እንዳለ ይቀመጣል።

ጎረቤት ሲገባ ወሬው ወደ ኦሮምኛ ይዞራል፣ ጅማ አይደል! ያኔ ላይኛው መስመር የተባለውን እንዳለ ይጽፋል፣ «አካም ጅርቱ» ከሆነ «አካም ጅርቱ»። ወደ አማርኛ ብመልሰው ልጆቹ ያልተባለ ነገር ተባለ ብለው ይይዛሉ። ታችኛው እንግሊዝኛ እንደተለመደው ይቀጥላል።

የምሠራበት `Aegisub` ነው። ድምፁ በሞገድ ስለሚታይ አያቴ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ በዓይን ይለያል፤ ግራ ክሊክ መጀመሪያውን፣ ቀኝ ክሊክ መጨረሻውን ያስይዛል። ፋይሉን በ`UTF-8` አስቀምጡ። በድሮው ኖትፓድ `ANSI` ብላችሁ ካስቀመጣችሁት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ይሆንና ፋይሉን ከዘጋችሁ በኋላ አይመለስም። ባዶ ሳጥን ከታየ ግን አትደንግጡ፤ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ፎንቱ ብቻ ነው የጎደለው። `Noto Sans Ethiopic` ጫኑና በማጫወቻው ላይ ምረጡት።

እርማት ሲኖር ቪዲዮውን ድጋሚ አልልክም። ኢንተርኔቱም አይችለውም። `buna.srt` ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ በቴሌግራም እሱን ብቻ እልካለሁ። እነሱ `buna.mp4` ካለበት ፎልደር ይከቱትና በ`VLC` ይከፍቱታል። ስሙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ራሱ ይጫናል።

አሁን የያዝኩት የሠርግ ቪዲዮ ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ያወራል፣ መስመሩ ሁለት ብቻ ነው። ለጊዜው ካሜራው ፊት ያለውን ሰው ብቻ እየጻፍኩ ነው። የተሻለ መላ ያላችሁ ወዲህ በሉ።