ደካማ ኔትወርክ ላይ የቪዲዮ ጥሪ፦ ቢቸና ላይ ሞክሬ የደረስኩበት

እህቴ የምትኖረው ባሕር ማዶ ነው። እናቴ ደግሞ እዚሁ ቢቸና አብራኝ አለች። በሳምንቱ መጨረሻ በዋትስአፕ ስንደዋወል ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ፓኬጁም ሳናወራ ያልቃል። ምክንያቱን ለማወቅ ሰሞኑን ስሞክር ከርሜያለሁ። የለየሁትን እነሆ።

መጀመሪያ የሚለየው የቱ ወገን እንደደከመ ነው። በጥሪ ጊዜ ስልኩ በአንድ በኩል ይልካል፣ በሌላ በኩል ይቀበላል። ሁለቱ እኩል አይደሉም። የኔትወርክ ማማው በብዙ ዋት ኃይል ሲያሰራጭ ስልካችን የሚልከው ቢበዛ በ0.2 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ከማማው ስንርቅ ወይም ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስንሆን አስቀድሞ የሚደክመው የምንልከው ነው። እኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነው። እናቴ የልጅ ልጇን ጥርት አድርጋ እያየች፣ እህቴ ግን «እማዬ፣ ፎቶ ሆንሽብኝ እኮ!» ትላለች። እንዲህ ሲሆን ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ መላኪያ ነው። በተቃራኒው እኛ ጋ ሲደርቅና እዚያ ጥርት ሲል፣ ወይ የእኛ መቀበያ ወይ የእነሱ መላኪያ ደክሟል። ሌላ ሰው ጋ ደውሎ ያው ከሆነ የእኛ ነው።

መላኪያው ሲደክም ቀላሉ መፍትሔ የራስን ካሜራ ማጥፋት ነው። ጥሪው አይቋረጥም፤ እነሱን ማየታችንም ይቀጥላል። ነገር ግን ይህ የሚቆጥበው የምንልከውን ብቻ ነው። የእነሱ ምስል እየመጣ እስከሆነ ድረስ ፓኬጃችን መቀነሱን አያቆምም።

የቁጥሩን ነገር በምሳሌ ላሳያችሁ። አንድ ምስል በሰከንድ 300 ኪሎቢት ይወስዳል እንበል። ለ10 ደቂቃ ሲሆን 180,000 ኪሎቢት ነው። ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ስናካፍለው 22.5 ሜጋባይት ይመጣል። መላክና መቀበሉ ሲደመር 45 ይሆናል። ድምፅ ብቻውን በሰከንድ 30 ኪሎቢት ቢወስድ ግን፣ ለዚያው 10 ደቂቃ በአንድ አቅጣጫ ከ2 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ ነው ኔትወርክ ሲዳከም ምስሉ ደርቆ ድምፁ የሚቀጥለው። ድምፁም እንደ ሮቦት ከሆነ መንገድ ላይ የሚጠፋው ዳታ በዝቷል ማለት ነው። ያኔ ሁለታችንም ካሜራ እናጠፋለን። ወሬውን በድምፅ እንጨርስና ሕፃኑን ለማየት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እናበራለን። እናቴ ይህን በጣም ወደደችው፤ ወሬዋ አይቋረጥባትማ።

አሁን ወደ ሴቲንጉ። ዋትስአፕ ላይ Settings ከዚያ Storage and data ስትገቡ Use less data for calls የሚል አለ። እሱን አብሩት። ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፤ በትንሿ የስልክ ስክሪን ግን ፊት ለመለየት ይበቃል። እዚያው ገጽ ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትንም በሞባይል ዳታ እንዳይሠራ አድርጉት። በጥሪ መሃል ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ሲለጠፍ መቀበያችንን ይሻማል።

ልዩነቱን በወሬ ሳይሆን በዓይን ለማየት እዚያው Network usage የሚለውን ክፈቱ። ታች Reset statistics አለ፤ ከጥሪ በፊት ዜሮ አድርጉት። ስትጨርሱ Calls በሚለው ሥር የተላከውና የተቀበላችሁት ለየብቻ ይታያል። አንዴ ሴቲንጉን አብርታችሁ፣ አንዴ አጥፍታችሁ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ለእኩል ደቂቃ ደውሉ። ሰዓቱን የምለው ማታ ማታ ሰው ስለሚበዛ ኔትወርኩ ራሱ ስለሚለወጥ ነው። ካሜራ ስታጠፉ «የተላከ» የሚለው ቁጥር እንዴት እንደሚወርድ ታዩታላችሁ። እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው።

ሴቲንግ የማይፈታውም አለ። ስልኩ ከ4ጂ ወደ 3ጂ እየወጣ እየወረደ ከሆነ፣ በተቀያየረ ቁጥር ጥሪው ይንገጫገጫል። ከላይ ያለውን ምልክት እያያችሁ ብዙ ከተቀያየረ፣ በስልኩ የሞባይል ኔትወርክ ሴቲንግ 3ጂ ላይ ብቻ አስቀምጡት። ዝግ ያለ ግን የማይቀያየር ኔትወርክ ለጥሪ ይሻላል። መደበኛ ስልክ ሲደወልም ብዙ ስልኮች ከ4ጂ ስለሚወርዱ ቪዲዮው በዚያ ቅጽበት ይቆማል፤ ያ የዋትስአፕ ጥፋት አይደለም። ሌላው ቦታ ነው። እኛ ጓዳ ውስጥ የማይሆነው ጥሪ በረንዳው ላይ ወጥተን ስንደውል ጥሩ ይሆናል።

ቀጥሎ የምሞክረው ቴሌግራምን ነው። እሱም ለጥሪ ዳታ መቀነሻ አለው፤ ያውም በሞባይል ዳታ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል። ደጀንና ሞጣ ያላችሁ በዚህ የሞከራችሁ ካላችሁ የተላከውንና የተቀበላችሁትን ቁጥር ጻፉልኝ፤ ከእኔው ጋር አወዳድረዋለሁ።