ሁለት ወር የቆየሁበትን ሥራ በማመልከቻ ደብዳቤዬ እንዴት ጻፍኩት

ከአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ያሰናበቱኝ የሙከራ ጊዜዬ ሳያልቅ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የሠራሁት በአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ነበር። አዲስ ሥራ ስፈልግ ታዲያ ይህችን አጭር ሥራ ልዝለላት ወይስ ልጥቀሳት የሚለው ጥያቄ መጣ።

መዝለሉ ያጓጓል። ግን ብዙ ድርጅት የሚያስሞላው ቅጽ ላይ «የለቀቁበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። የሒሳብ ሰው ደግሞ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ስለዚህ ልጽፋት ወሰንኩ። መጀመሪያ የሞነጫጨርኩት ይህንን ነበር፦

«በቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ጊዜ ብቻ ብቆይም፣ ይህ የሆነው በእኔ ጥፋት ሳይሆን በቂ ሥልጠና ስላልተሰጠኝና ከኃላፊዬ ጋር ባለመግባባታችን መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።»

የአክስቴ ልጅ ለብዙ ዓመት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሠርታለች። አነበበችውና «ማን ከሰሰሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለ ጥፋት ያነሳው ሰው የለም፣ እኔው ራሴ አመጣሁት። ሥልጠና አልተሰጠኝም ማለቱም አይጠቅምም። አንባቢው ላጣራ ቢል የሚደውለው ለዚያው ኃላፊ ነው።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪውም ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ። ቅጥር ላይ ያለ ሰው ይህን በደንብ ያውቃል። «በሙከራ ጊዜ» ስትዪው አብዛኛውን ነገር ተረድቶልሻል፣ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። የመጨረሻው ጽሑፌ እንዲህ ሆነ፦

«ከዚያ በኋላ በአንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ፣ ድርጅቱ በሙከራ ጊዜው ውስጥ ውሉን አቋርጧል። ሥራው በዋናነት የጉምሩክ ሰነድ ማስታረቅና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅ ነበር። የእኔ ልምድ በለጋሽ ሪፖርትና በበጀት ክትትል ላይ ሲሆን፣ ያወጣችሁት ቦታም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።»

«ድርጅቱ አቋርጧል» ያልኩት አስቤበት ነው። «ተቋርጧል» ብል ማን አቋረጠው የሚል ጥያቄ ይከተላል። «ለቅቄያለሁ» ብል ደግሞ ውሸት ነው፣ የሰጡኝ ደብዳቤ ያጋልጠኛል። ያስቀመጥኩትም ስለ ግብረ ሰናዩ ሥራዬ ከሚያወራው አንቀጽ ቀጥሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ብትገባ ሌላውን ሁሉ ታጨልማለች። መጨረሻ ላይ ብትሆን ደግሞ አንባቢው ይዟት የሚነሳው እሷን ነው።

ከቃላቱ ይልቅ ያስቸገረኝ ቀኑ ነበር። የሥራ ልምድ ወረቀቴ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፦ ከኅዳር 6 እስከ ጥር 10 ቀን 2015። ሲቪዬ ግን በፈረንጅ ነው። ሲገለበጥ ከኖቬምበር 15 ቀን 2022 እስከ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023 ይሆናል። እንደ ብዙ ሰው ዓመቱን ብቻ «2022–2023» ብዬ ብጽፈው ከዓመት በላይ የሠራሁ ያስመስላል። ወረቀቱ ሲወጣ ግን ሁለት ወር ነው። ያኔ ከመሰናበቴ ይልቅ የሚያጠያይቀው የጻፍኩት ቀን ይሆናል። ስለዚህ ወሩንም ዓመቱንም ጻፍኩ።

ወረቀቱን ራሱ መጠየቅ ብዙ ሰው ይፈራል። ሕጉ ግን አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ርዝመትና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። የስንብቱ ምክንያት እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የእኔም ወረቀት ላይ አልተጻፈም።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለቀቁ ወይስ አሰናበቱዎት?» አሉኝ። «እነሱ ናቸው ያቋረጡት፣ የጉምሩክ ሰነዱን በሚፈልጉት ፍጥነት ማስታረቅ አልቻልኩም» አልኩ። ወዲያው ስለ ሒሳብ ሶፍትዌሩ ስለ ፒችትሪ ወደ መጠየቅ ገቡ። ኋላ እንደሰማሁት ለቀድሞው ኃላፊዬ ደውለዋል። እሱም የነገራቸው ያንኑ ነው።

ይህ አጻጻፍ ግን ለሁሉም አይሆንም። አንድ ጓደኛዬ የተሰናበተው በተደጋጋሚ በማርፈድ ነው፣ ያውም ቋሚ ከሆነ በኋላ። «በሙከራ ጊዜ» ሊል አይችልም። እሱ የጻፈው «ድርጅቱ በሥራ ሰዓት አለማክበር ምክንያት ውሉን አቋርጧል፤ አሁን የምኖረው ከመሥሪያ ቤታችሁ አጠገብ ነው» ብሎ ነው። ነገሩ ፍርድ ቤት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ደብዳቤው ላይ ክርክሩን ባይጀምር ይሻለዋል። የሠራበትን ጊዜ ብቻ ጽፎ ሌላውን ሲጠየቅ በአፉ ቢናገር ይበቃል።