ቃለ ጉባኤውን ማን ይያዝ?

ዛሬ ደሴ፣ መሥሪያ ቤታችን ስብሰባ ነበረን። ሰብሳቢው እንደተለመደው ዓይኑን ወደ ሴቶቹ አዞረ። «ያንቺ ጽሑፍ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤ ያዥልን። አብሽሪ፣ አጭር ነው» አላት አጠገቤ የተቀመጠችውን ባልደረባዬን። ሰውየው ክፋት የለበትም። ግን አጀንዳው እኮ እሷ ያዘጋጀችው በጀት ነበር! ሌላው ሲከራከር እሷ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ሲያልቅ መዝገቡን ወደኋላ ገለጥኩት። የእጅ ጽሑፉ ሁሉ የሴቶች ነው። የበዓል ዝግጅቱም፣ የሽኝት መዋጮውም የሚጣለው በነሱ ላይ ነው። በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ላይ ግን ለዚህ ነጥብ የሚያሰጥ መስፈርት የለም።

«ፈቃደኛ ይጻፍ» ቢባልስ? በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው የኢኮኖሚስቷ የሊንዳ ባብኮክና የባልደረቦቿ ጥናት፣ ወንድና ሴት በተቀላቀለበት ቡድን ሌላው ለሚሸሸው ሥራ ሴቶች ይበልጥ ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አሳይቷል። ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እነሱም እንደ ሴቶቹ እጃቸውን ያወጣሉ። ሴት ካለች «እሷ ታደርገዋለች» ብሎ መጠበቅ ነው ነገሩ።

በስም ፊደል ተራ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። የመጀመሪያው ተረኛ መሐንዲሱ ሆነ። «የኔ ጽሑፍ አይነበብም እኮ» አለ። ላፕቶፑ ፊቱ ተከፍቶ።