የመዋጮውን ገንዘብ ድንኳን ውስጥ ያስነበብኩ ቀን

የሥራ ባልደረባዬ ባለቤት ያረፈው ማክሰኞ ሰኔ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. ነበር። በቢሯችን እንዲህ ያለ ሐዘን ሲደርስ መዋጮ የምሰበስበውም፣ ገዝቼ የምወስደውም እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ስለሠራሁት የማውቀው መስሎኝ ነበር። በዚያ ለቅሶ ላይ ያደረግሁት ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። አስቀድሞ ተይ የሚለኝ አንድ ሰው አጥቼ ነው ያደረግሁት፤ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

ቀላሉን በአጭሩ ልጨርሰው። ለቅሶ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ የሚያዘውን ነገር ግን ስጦታ ብሎ የሚጠራው የለም፣ እዝን ነው። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ የመጣ ዕቃ ሐዘንተኛዋ ፊት ሲቀመጥ፣ ትክፈተው ወይስ ትተወው ግራ ይገባታል። እኛ በቀብሩ ዕለት አምስት ኪሎ ስኳር፣ ሁለት ኪሎ ቡና፣ ስድስት እሽግ ውሃና ሶፍት ወሰድን። በዚህ ተሳስቼ አላውቅም። አይበላሽም፣ የተረፈው ይቀመጣል፣ ክርስቲያን ቤትም ሙስሊም ቤትም ይገባል። የበሰለ የሚወስድ ሰው ግን አስቀድሞ የቤቱን ሴቶች ይጠይቅ። ያን ጊዜ የሰኔ ጾም ነበር። ብዙ ሰው ባይጾመውም የሟቹ እናት ይጾሙ ስለነበር፣ አንዲት ባልደረባችን ያመጣችው ወተትና እንቁላል ያለበት ኬክ ፊታቸው ሲቀርብ ዞር አሉ። በዚያው ቀን ከአራት ቤት ምስር ወጥ መጥቶ ኖሮ፣ ማታ ሦስት ድስት ሙሉ ኮምጥጦ ተደፋ። የደፉትም፣ ድስቱን ያጠቡትም ለሁለት ሌሊት እንቅልፍ ያላዩ የሟቹ እህቶች ናቸው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ።

ሃያ ሁለት ሰው አዋጥቶ 46,500 ብር ተሰበሰበ። ሟቹ ሾፌር ነበር፤ ባልደረባዬ የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆች ይዛ ቀርታለች። ስናዋጣ ሁላችንም ያሰብነው ስለ ልጆቹ ነው። ምዝገባው በነሐሴ ይጀምራል፣ ለሁለቱ የመመዝገቢያውና የመጀመሪያው ተርም ክፍያ ከዚህ ገንዘብ ይወጣል፣ የሚተርፈው ደብተርና የደንብ ልብስ ይገዛል ተባባልን። ይህን ግን በየጠረጴዛችን ተነጋገርን እንጂ ለእርሷ የነገራት ሰው አልነበረም።

የቢሯችን መመሪያ መዋጮ በስም ዝርዝር ተይዞ፣ በተወካዮች ፊት ለሐዘንተኛው ቤተሰብ በይፋ እንዲሰጥ ያዛል። ሐሳቡ ገንዘብ በመንገድ እንዳይጠፋ ነው። ሐሙስ፣ በሰልስቱ፣ ዝርዝሩንና ፖስታውን ይዤ ሄድኩ። እርሷን ለብቻዋ ማግኘት ስላልቻልኩ የእድሩን ሰብሳቢ አማከርኳቸው። «ጋሼ፣ ይህን እንዴት ብሰጣት ይሻላል?» አልኳቸው። «ለእኔ ስጪኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር በግልጽ ሲሆን ነው ደስ የሚለው፤ ሌላውም ይማርበታል» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሰጠኋቸው ስል በእጄ ነው፤ ማንም አላስገደደኝም።

ከጸሎቱ በኋላ ተነሥተው ድምፅ ማጉያውን ያዙ። የመሥሪያ ቤታችንን ስም ጠሩ። ቀጥሎ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመሩ፤ ስም፣ ብር፣ ስም፣ ብር። የእኔ ሦስት ሺህ ተነበበ። የጽዳት ሠራተኛችን ሁለት መቶ ብርም ተነበበ፤ እርሷ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር፣ አንገቷን ደፋች። በመጨረሻ «በድምሩ አርባ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር» ሲሉ ከድንኳኑ ጀርባ ሳይቀር ሰው ቀና አለ። ባልደረባዬ ፍራሽ ላይ ነበረች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ እስከ አገጯ ተሸፈነች። ሰብሳቢው ፖስታውን በሁለት እጃቸው ሲያቀርቡላት አልተቀበለችም፤ እጇም አልወጣም። የባሏ ታላቅ ወንድም ከተቀመጠበት ተነሥቶ ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ኪሱ አስገባ።

እኔ ያን ጊዜ ያልተቀበለችው ከሐዘን ብዛት ነው ብዬ ነበር። ከወራት በኋላ የነገረችኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «ድምሩ ሲጠራ ለሬሳው ዋጋ የወጣለት መሰለኝ።»

ገንዘቡ ምን ሆነ? ወንድሙ አልበላውም፤ ሐቀኛ ሰው ነው። ነገር ግን ያ ቁጥር ከድንኳኑ ወጥቶ በሰፈሩና በዘመዱ ሁሉ ዞረ። አርባው ሐምሌ 22 ቅዳሜ ይውላል፤ ጾሙ ተፈትቷል። ቤተሰቡ ያሰበው ጸሎቱን አስደርጎ፣ ካህናቱንና ጥቂት ነዳያንን አብልቶ ለመሸኘት ነበር። ከሰልስቱ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠ። ከገጠር የመጡት አጎቶች «ይህን ያህል ገንዘብ እንደ ገባ አገር ሰምቷል፤ አርባው በቁንጥር ቢወጣ በሟቹ ስም ተበላ ይሉናል» አሉ። ወንድሙም ስሙን ፈራ። እርሷ ስለ ትምህርት ቤቱ ትንሽ ጠቆም አድርጋ ነበር፤ የባሏን ተዝካር ለብር የምትነፍግ እንዳትባል ዝም አለች። በሬ ተገዛ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ጤፍ ተፈጨ። 46,500ው በሬው ላይ አለቀ፤ ለቀረው ወንድሙ ተበደረ። እኔም ተጠርቼ ሄጄ በላሁ። የልጆቹን ክፍያ እየጎረስኩ እንደ ነበር የገባኝ በነሐሴ፣ ለምዝገባው ብድር ስትጠይቀኝ ነው።

ተዝካር አይውጣ አልልም፤ ለነፍሱ ጸሎት የሚፈልግ ቤተሰብ ያውጣ። የምለው በአደባባይ የተጠራ ገንዘብ የሐዘንተኛዋ መሆኑ ይቀራል ነው። የቤተሰቡ ክብር ይሆናል፣ ክብር ደግሞ በአደባባይ ይወጣል። ያንኑ ብር በእጇ ይዛ ማንም ባያውቅ ኖሮ፣ አርባው በታሰበው መጠን ወጥቶ ልጆቹ በጊዜያቸው ይመዘገቡ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳት ዝርዝሩ ነው። ወረቀቱ ቤቷ ቀረ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ብድር ነው፤ የደረሰልህን ትደርስለታለህ። በስም ፊት ቁጥር ሲጻፍ ግን ብድሩ የብር ብድር ይሆናል። በኅዳር ወር የአንድ ባልደረባችን አባት ሲሞት እርሷ 1,500 ብር አዋጣች። የቤት ኪራይ እንዳልከፈለች አውቅ ስለነበር «ለምን ይህን ያህል?» አልኳት። «የእርሱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነበር» አለችኝ። ዝርዝሩን በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች፤ ሃያ ሁለት ሰው፣ እያንዳንዱ ከነዕዳው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ በኮምፒውተር፣ መስመር አስምሬ።

ሰብሳቢውን ዛሬም ባገኛቸው እቆጣለሁ፤ ሐዘንን ማስተማሪያ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። መመሪያውን ያወጡትም ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ስማቸው ሲነበብ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ከሁሉም የምቆጣው ግን በራሴ ነው። ሁለት ቀን ብታገሥ፣ ድንኳኑ ሲፈርስ ለብቻዋ አገኛት ነበር።

ከዚያ ወዲህ መመሪያውን በዚህ ነገር አልከተልም፤ አለቃዬም ያውቃል። ያዋጣውን ሰው ስም ለራሴ እይዛለሁ፣ ገንዘቡ ከእጄ ሲወጣ ሁለት ባልደረቦች ያያሉ፣ ዝርዝሩን ቀድጄ እጥለዋለሁ። ለሐዘንተኛው የሚደርሰው ገንዘቡ ብቻ ነው፤ «ከሁላችንም ነው» እላለሁ። በሰልስቱም አልሰጥም። በመጀመሪያው ሳምንት እድሩ ይከፍላል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ቤቱ በሰው እጅ ይሠራል፤ ሐዘንተኛዋ ያኔ ገንዘብ ብትይዝ እንኳ የሚያወጡት ሌሎች ናቸው። ዘመድ ወደ አገሩ ሲመለስና ቤቱ ዝም ሲል፣ ከአሥራ ሁለተኛው ቀን በኋላ፣ ለብቻዋ በእጇ እሰጣለሁ። ለምን እንደታሰበም አብሬ እነግራታለሁ፦ ለልጆቹ ነው፣ ለኪራይ ነው። እንዲህ ሲባል አንድ ዘመድ ቢጠይቃት እንኳ «የልጆቹ ነው» የምትልበት ቃል ታገኛለች።

ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ ከእርሷ ጋር ሄጄ ካላየሁት አላውቀውም ነበር። ባሏ በባንክ የተወው ትንሽ ገንዘብ ነበረው። ባንኩ መሞቱን ሲሰማ ሒሳቡን ዘጋ፤ የሚከፈተው የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ሲመጣ ነው። ለእርሱ የሞት የምስክር ወረቀት ከወረዳ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ምስክሮችም ያስፈልጋሉ። የትንሹ ልጅ የአባት ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ስለነበር ለብቻው አራት ጊዜ ተመላለስን። በዚያ ሁሉ ጊዜ የገዛ ባሏን ብር መንካት አትችልም፤ ታክሲና ፎቶ ኮፒ ግን በየቀኑ ያስከፍላሉ።

በነሐሴ ብድር ስትጠይቀኝ የጀመርነው ነገር ከሁሉም ይበልጥ እንደጠቀማት ነግራናለች። አራት ሆነን ተከፋፈልን። አንዷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣ ነበር፤ ሁለቱ ምዝገባውን ከፈሉ። እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ወረፋ አብሬያት ቆምኩ። በወረፋ ላይ ብዙ አላወራንም። አንድ ቀን የሞት የምስክር ወረቀቱን እያየች «ስሙን በትክክል ጽፈውታል» አለችና አለቀሰች፤ አቅፌያት ቆየሁ። የሚቀጥለው ሰው ተራውን ለቀቀልን።

ሙት ዓመቱ በሰኔ 2016 ካለፈ በኋላ አራታችን ጥቁሯን ልናስወልቃት ሄድን። ሰማያዊ ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ገዝተን ነበር፤ ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆረጥኩት። ልብሱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ብዙ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞራ «ዝርዝር አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ለብሳው ነበር።