ከ2,000 ቦርሳ በፊት 5 ናሙና

ከዚህ በፊት ሠርቼበት ከማላውቀው ፋብሪካ 2,000 የካንቫስ ቦርሳ ላዝ ነበር። የሽያጭ ሠራተኛዋ ፎቶ ልካልኛለች፣ ዋጋ ሰጥታኛለች፣ ለጥያቄዬም ቶሎ ቶሎ ትመልሳለች። እኔ ግን ዕቃውን በእጄ ሳልነካ ያን ያህል ገንዘብ መላክ አልፈለግኩም። ስለዚህ «ናሙና ላኩልኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

ችግሩ የጀመረው እዚያው ላይ ነው። ለካ ፋብሪካ ውስጥ ናሙና የሚባለው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠ ናሙና አለ። እሱ የፋብሪካውን የእጅ ሥራ ያሳያል እንጂ የእኔን ዕቃ አያሳይም። በእኔ መጠንና በእኔ አርማ የሚሠራ ናሙና ደግሞ አለ። ይህን ብዙ ጊዜ የሚሰፋው የናሙና ክፍሉ ባለሙያ ነው፤ ጊዜ ወስዶ፣ እጁ ላይ ባለው ጨርቅ። ሦስተኛው የቅድመ ምርት ናሙና ነው። ለትልቁ ትዕዛዝ በተገዛው ጨርቅ፣ በዚያው የማምረቻ መስመር ላይ የሚሰፋው እሱ ነው። በኋላ የሚላክልኝን ዕቃ በትክክል የሚያሳየኝ ይህ ሦስተኛው ብቻ መሆኑን ያወቅኩት ዋጋ ከፍዬበት ነው።

እኔ የጠየቅኩት ሁለተኛውን ሆነና ሠራተኛዋ የናሙናውን ዋጋ ላከችልኝ። አንዱ ናሙና ከትልቁ ትዕዛዝ የአንድ ቦርሳ ዋጋ 3 እጥፍ ሆኗል። ለአርማው ሁለት ቀለሞችም የሁለት ማተሚያ ፍሬም ክፍያ ተጨምሯል። መጀመሪያ በዛብኝ። ሳስበው ግን ምክንያት አለው። አንድ ቦርሳ ለመስፋትም ልኩ መውጣት አለበት፣ ፍሬሙ መሠራት አለበት፣ ቀለሙ መቀላቀል አለበት። ያ ሁሉ ወጪ የሚያርፈው በ2,000 ሳይሆን በጥቂት ቦርሳ ላይ ነው። ስለዚህ በዋጋው ብዙም አልተከራከርኩም። የተከራከርኩት በተመላሹ ላይ ነው።

«የናሙና ክፍያ ከትዕዛዙ ላይ ይቀነሳል» ይላል የላከችው ፕሮፎርማ። ከሥር ግን በትንሽ ጽሑፍ «ትዕዛዙ 5,000 እና ከዚያ በላይ ሲሆን» የሚል አለ። የእኔ 2,000 ነው! ሳላነብ ብከፍል ኖሮ አንድም ሳንቲም አይመለስልኝም ነበር። ቁጥሩ 2,000 ተብሎ እንዲስተካከል ጠየቅኩ፣ ተስተካከለ። የፍሬሙን ነገርም አስጻፍኩ። ለናሙናው የተሠራው ፍሬም ለትልቁ ምርትም ያገለግላል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ልከፍልበት አይገባም።

ብዛቱን 5 አደረግኩት። አንዱን ቀድጄ ልመረምር፣ አንዱን ልጫንበትና ልፈትነው፣ አንዱን ለማነጻጸሪያ ላስቀምጥ፣ አንዱን ፈርሜ ለፋብሪካው ልመልስ፣ አምስተኛውን በኋላ ምርቱን ለሚቆጣጠርልኝ ሰው ልሰጥ። አንድ ናሙና ብቻ ቢኖረኝ ልቀደው አልደፍርም ነበር። ያልተቀደደ ናሙና ደግሞ ብዙ ነገር ይደብቃል።

የማጓጓዣው ሂሳብ ሲመጣ ከአምስቱ ናሙናዎች ዋጋ በለጠ። ዕቃው የመጣው በፈጣን የአየር መልእክት ነው። ቦርሳዎቹ በወረቀት ተሞልተው፣ ቅርጻቸውን እንደያዙ፣ 40 በ35 በ30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ተላኩ። ሚዛን ላይ 2.6 ኪሎ ነበሩ። የተከፈለው ግን ለ8.5 ኪሎ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፈጣን መልእክት የሚያደርሱ ድርጅቶች ብዙ ጊዜ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ያባዙና ለ5,000 ያካፍሉታል። 42,000 ለ5,000 ሲካፈል 8.4 ይሆናል፤ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 8.5። ከሚዛኑና ከዚህ ቁጥር የሚያስከፍሉት በሚበልጠው ነው። እኔ የከፈልኩት ለአየር ነው ማለት ይቻላል።

ለሁለተኛው ዙር «ቦርሳዎቹ ሳይሞሉ፣ ተጣጥፈው፣ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ ይላኩ» ብዬ ጻፍኩ። ካርቶኑ 42 በ36 በ9 ሆነና ሂሳቡ 3 ኪሎ ላይ ወረደ። መታጠፊያው መስመር ትቶ ነበር፤ አንድ ቀን አንጠልጥዬው ተፈታ።

የጉምሩኩ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ፋብሪካው ሊረዳኝ አስቦ የእያንዳንዱን ናሙና ዋጋ በደረሰኙ ላይ 1 ዶላር ብሎ ሞላው። ጉምሩክ ዕቃውን ያዘውና የከፈልኩበትን የባንክ ማስረጃ ጠየቀኝ። ማስረጃው ላይ ያለው ዋጋ ሌላ፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ሌላ። ማብራሪያ ጽፌ፣ እውነተኛውን ደረሰኝ አስልኬ፣ ቀረጡን ከፍዬ እስኪለቀቅ 6 ቀን ሄደ። ከዚያ ወዲህ የከፈልኩት ትክክለኛ ዋጋ እንዲጻፍ፣ ከጎኑም «ናሙና፣ ለሽያጭ ያልሆነ» እንዲባል አደርጋለሁ። ይህ ጽሑፍ በራሱ ከቀረጥ ነፃ አያደርግም። ዕቃው ምን እንደሆነ ለሚያየው ሰው ግልጽ ያደርግለታል እንጂ።

ናሙናዎቹ ሲደርሱ በጣም ደስ አለኝ። ስፌታቸው የተስተካከለ፣ ጨርቃቸው ወፍራም፣ ህትመታቸው ጥርት ያለ። በደስታዬ ብዛት ወዲያው ስልኬን አንስቼ «በጣም ቆንጆ ነው፣ ቀጥሉ» ብዬ ላክሁ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ መልእክት እሱ ነው። ፋብሪካው እንደ ማጽደቂያ ወሰደው።

ምርመራውን የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን ቦርሳ 10 ኪሎ ጭኜበት ለ24 ሰዓት ሰቀልኩት። ጠዋት ሳየው የማንገቻው ጥግ ላይ ያሉት ስፌቶች ተከፍተዋል። ማንገቻው የተያዘው በሁለት ቀጥታ መስመር ብቻ ስለነበር ክብደቱ ሁሉ ጥጉ ላይ አርፏል። በአራት ማዕዘን ስፌት ተከቦ መሐሉ ላይ መስቀል እንዲሰፋበት ጠየቅኩ። ህትመቱን በደረቅ ነጭ ጨርቅ ሃያ ጊዜ አሸሁት፣ ምንም አልለቀቀም። በረጠበ ጨርቅ ሳሸው ጥቁሩ ቀለም ትንሽ ነካው። ቀለሙ ከታተመ በኋላ በሙቀት በቂ ጊዜ ካልደረቀ እንዲህ ይሆናል፤ ይህንንም ጻፍኩላቸው።

ከዚያ አንዱን ቦርሳ ቀደድኩ። ከጎኑ ላይ ልክ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቆርጬ በወርቅ ሚዛን መዘንኩት። 4.1 ግራም። ይህ በ100 ሲባዛ የጨርቁን ክብደት በካሬ ሜትር ይሰጣል፣ 410 ግራም ማለት ነው። በጨርቅ ንግድ 12 አውንስ የሚባለው ካንቫስ፣ አውንሱ የሚቆጠረው በካሬ ያርድ ስለሆነ፣ በካሬ ሜትር ወደ 407 ግራም ይመጣል፤ የተላከልኝ እሱ ነው። ቁጥሩን ማስታወሻዬ ላይ ያዝኩ። ለፋብሪካው ግን አልጻፍኩላቸውም። መስሎኝ የነበረው ናሙናው ራሱ በቂ ነው።

30 በመቶውን ቀብድ ከፈልኩ። የቅድመ ምርት ናሙና የሚሠራው ከቀብዱ በኋላ ነው፤ ፋብሪካው የትዕዛዙን ጨርቅ የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ስለሆነ። «ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ከእሱ የተሰፉ ናሙናዎች ይላኩልኝ» ብዬ አስቀድሜ መስማማቴ ነው ያዳነኝ። መጡ። ማንገቻው ተስተካክሏል፣ በረጠበ ጨርቅ ሳሸውም ቀለሙ አይነካም። ግን ቦርሳውን ሳነሳው እጄ ላይ ቀለለኝ። 10 በ10 ቆርጬ መዘንኩ፣ 3.4 ግራም። ከ12 ወደ 10 አውንስ ወርዷል።

ደወልኩ። ሠራተኛዋ አልካደችም። የናሙና ክፍሉ የዚያን ሰሞን እጁ ላይ የነበረው 12 አውንስ ነበር፤ ዋጋው የተሰላው ግን በ10 አውንስ ነው። «ዋጋ መስጫው ላይ ምን ይላል?» አለችኝ። ከፍቼ አየሁ፤ «ወፍራም ካንቫስ» ይላል። ቁጥር የለም። ያታለለኝ ሰው አልነበረም። ሁለታችንም ስለ አንድ ነገር እያወራን መስሎን ስለ ሁለት ጨርቅ ነበር የምናወራው።

ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ቀጭኑን መቀበል ወይም ጨርቁን ማስቀየር። ቦርሳው ከባድ ነገር የሚያዝበት ስለሆነ ማስቀየሩን መረጥኩ። የተገዛው ጨርቅ ቀለም ያልገባበት ስለነበር ፋብሪካው ለሌላ ሥራ ሊያውለው ቻለ። የዋጋውን ልዩነት ተካፈልን። ጊዜው ግን በሁለት ሳምንት ተራዘመ። ጨርቁ ቀለም የገባበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ አይበርድም ነበር።

ከአዲሱ ጨርቅ የተሰፉት ናሙናዎች ሲመጡ «ቆንጆ ነው» አላልኩም። አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጀሁ። የጨርቁ ክብደት 407 ግራም፣ የሚፈቀደው ልዩነት ከላይም ከታችም 5 በመቶ። የቦርሳው ርዝመትና ወርድ፣ ልዩነቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። የማንገቻው ስፌት ፎቶ። የአርማው ቀለሞች ፓንቶን በሚባለው የቀለም መለያ ቁጥራቸው፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ቀለምን ስለሚቀይር ፎቶ አልተጠቀምኩም። ከላይ «ጸድቋል»፣ «ከማስተካከያ ጋር ጸድቋል»፣ «አልጸደቀም» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። የመጀመሪያው ላይ ምልክት አድርጌ፣ ቀን ጽፌ ፈረምኩ። እነሱም ፈርመው መለሱ።

ሁለት ቦርሳዎች ደግሞ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ ገብተው ታሸጉ፤ እሽጉ ላይ ፊርማዬና ቀኑ አለ። አንዱ ፋብሪካው የማምረቻ መስመሩ አጠገብ ሰቀለው፣ አንዱ እኔ ጋ ቀረ። ቀሪው 70 በመቶ የሚከፈለው ምርቱ ከታሸገው ናሙና ጋር ተመሳክሮ ሲያልፍ እንደሆነ ስምምነቱ ላይ ገባ። ተቆጣጣሪው ከተለያዩ ካርቶኖች እያወጣ ሲያመሳክር የማንገቻቸው መስቀል የተዘለለ 11 ቦርሳዎች አገኘ። ያለ ክርክር ተመለሱና ተሰፉ።

ከ8 ወር በኋላ ድጋሚ ሳዝ ሠራተኛዋ ራሷ ጻፈችልኝ። ክር አቅራቢያቸውን ቀይረዋል፤ «አዲስ ናሙና ልላክ?» አለች። አንድ ብቻ፣ ተጣጥፎ ይምጣ አልኳት።