«ኖርማል ነው» ብዬ የጻፍኩበት ሌሊት

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የኢንተርን ተረኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አስም የተነሳባት የ24 ዓመት ልጅ መጣች። በደቂቃ 36 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ሁለት ቃል ተናግራ ታቋርጣለች። ሳልቡታሞል በኔቡላይዘር፣ ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥር፣ ኦክስጅን በማስክ ጀመርንላት። ከእጅ አንጓዋ ከደም ቅዳ ቧንቧ ደም ወስጄ ማሽኑ ላይ አሠራሁት።

የደሟን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች 7.38፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 38፣ አሲድን የሚያካክሰው ባይካርቦኔት 22፣ ኦክስጅን 74። በትምህርት ቤት የተማርናቸው ልኮች ከ7.35 እስከ 7.45፣ ከ35 እስከ 45፣ ከ22 እስከ 26 ናቸው። ሦስቱም ልካቸው ውስጥ ስለነበሩ ቻርቷ ላይ «ኖርማል» ብዬ ጻፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተር መጣች። «ዶክተር፣ ልጅቷ ዝም ብላለች። አተነፋፈሷም ቀንሷል፤ እኔ አልወደድኩትም።»

ሬዚደንቱ ተጠርቶ መጣና ወረቀቱን አየ። «በደቂቃ 36 ጊዜ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስንት መሆን አለበት?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው በትንፋሽ ነው፤ ስለዚህ ያን ያህል የሚተነፍስ ሰው ከ30 በታች ሊያወርደው ይገባል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ጤነኛው ነዋሪ እንኳ ትንሽ በርከት አድርጎ ይተነፍሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በባሕር ጠለል ከሚኖረው ሰው ዝቅ ይላል። 38 ማለት አየሩ መውጫ አጥቷል፣ ጡንቻዎቿም እየደከሙ ነው ማለት ነበር።

የኦክስጅኑ 74ም ደህና መስሎኝ አታልሎኛል። ቁጥሩ የተለካው በማስክ በደቂቃ 6 ሊትር እየተሰጣት ሳለ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ስንት ሊትር ላይ እንደነበረች አልጻፍኩም፤ ያ ሳይታወቅ ደግሞ ቁጥሩ አይነበብም።

ማግኒዥየም ሰልፌት ተጀምሮላት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደሟን ደገምነው። ፒኤች 7.23፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 56፣ ባይካርቦኔት 23። ሬዚደንቱ በተራ አስነበበኝ። መጀመሪያ ፒኤች፦ ከ7.35 ወርዷል፣ ደሟ አሲድ ሆኗል። ቀጥሎ ጥፋተኛው ማን ነው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደሙን አሲድ ያደርጋል፣ እሱም ጨምሯል፤ ስለዚህ ችግሩ የሳንባ ነው። ባይካርቦኔት ቢወርድ ኖሮ ሌላ የአሲድ ምንጭ እንፈልግ ነበር። የእሷ ግን ከነበረበት ብዙም አልተነቃነቀም። ኩላሊት ባይካርቦኔት አጠራቅሞ አሲዱን ለማካካስ ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ይህ የዛሬ ሌሊት ጉዳት ነው። ለዓመታት በሳንባ ሕመም የኖረ ሰው ቢሆን 56 ይዞ ባይካርቦኔቱ 30 ገደማ ደርሶ፣ ፒኤቹም ወደ ልኩ ተጠግቶ እናገኘው ነበር።

ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወስደናት ቱቦ ገባላት፣ በማሽን መተንፈስ ጀመረች። ቻርቷ ላይ የጻፍኩትን «ኖርማል» በአንድ መስመር ሰርዤ ሰዓቱን ጻፍኩና ፈረምኩበት፤ ከጎኑም «በደቂቃ 36 ትንፋሽ፣ ኦክስጅን 6 ሊትር» ብዬ ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ቱቦው ወጥቶላት ውሃ ስትጠይቀኝ ዓረፍተ ነገሩን ሳታቋርጥ ጨረሰችው።