ጎሳ ውስጥ ጎሳ፣ እሱም ውስጥ ጎሳ

አንድ የትርጉም ክፍል በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የተካሄደውን የኬንያ ምርጫ ተከትሎ ስለተነሳው ረብሻ የሚያወሳ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይመልስ ነበር። ተርጓሚው «ትራይብ» ባለበት ሁሉ «ጎሳ» ብሎ አለፈ። «ክላን» ሲገጥመውም ያው «ጎሳ» ሆነ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «የካሌንጂን ጎሳ አካል የሆነው የናንዲ ጎሳ በርካታ ጎሳዎች አሉት» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣ። አርታኢዋ ረቂቁን «የቱ ነው የቱ?» ብላ መለሰችለት።

ካሌንጂን በ2019 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነው። ናንዲ፣ ኪፕሲጊስ፣ ቱገን፣ ማራክዌትና ሌሎችም በሥሩ ይጠቃለላሉ። «ካሌንጂን» የሚለው የጋራ መጠሪያም ቢሆን የተስፋፋው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ትርጉሙ «እላችኋለሁ» እንደማለት ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ በየራሱ ስም ይጠራ ነበር። ምሁራን «ትራይብ» በሚለው ቃል ላይ የሚያነሱት ሙግት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ትራይብ» ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ፣ በአለቃ የሚመራ ትንሽ ማኅበረሰብ ያስመስላል። አንትሮፖሎጂስቶቹ ኤይዳን ሳውዝሆል በ1970፣ አርቺ ማፌጄ በ1971 እ.ኤ.አ. ይህን ሥዕል ሞግተዋል፤ ማፌጄ በተለይ ቃሉ የቅኝ ገዥውን ዕይታ ይዞ መምጣቱን አሳይቷል። ከ6 ሚሊዮን የሚበልጡት የቤልጂየም ፍላማንዶች በዚህ ስም አለመጠራታቸውስ ለምን ይሆን?

በምትኩ ምሁራን የሚመርጡት የእኛ «ብሔረሰብ» ወይም «ሕዝብ» የሚሸፍነውን ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፍሬድሪክ ባርት በ1969 እ.ኤ.አ. እንዳለው ደግሞ ቡድኑን የሚለየው እሱ ራሱና ጎረቤቶቹ የሚያበጁት ድንበር እንጂ የባህል ዝርዝር አይደለም። «ጎሳ» የሚቀረው በዘር ሐረግ፣ ከአንድ አባት እንወለዳለን ለሚሉ ነው። «ብሔረሰብ» በእኛ ዘንድ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ጥላ ስላለበት አርታኢዋ ለውጭ አገር «ሕዝብ»ን መረጠች፤ ይህ ግን የግድ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩም «ከካሌንጂን ሕዝቦች አንዱ የሆኑት ናንዲዎች በርካታ ጎሳዎች አሏቸው» ሆነ።

ርዕሱ የበለጠ አደከማት። «የጎሳ ግጭት» የሚለው ከ1,100 በላይ ሰው የሞተበትን ነገር የዘር ጥላቻ ብቻ ያደርገዋል፤ ጽሑፉ ግን የሚያወራው ስለ አወዛጋቢ የምርጫ ውጤትና በስምጥ ሸለቆ ስላለው የመሬት ይገባኛል ነው። «የምርጫና የመሬት ግጭት» ተባለ።

ሁሉንም በጅምላ መቀየርም ስህተት ነው። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 342 እና የአሜሪካ ሕግ «ትራይብ» የሚለውን ቃል በሕግ መጠሪያነት ይዘውታል፤ ያን ተርጓሚ «ሕዝብ» ቢለው አንባቢው የትኛው መብት የየትኛው ማኅበረሰብ እንደሆነ ይጠፋበታል።